48,000 ወይስ 1,300? ሁለት የገበያ ስሌቶች ሲጣሉ

ጥያቄ፦ «የመድኃኒት ፍሪጅ ሙቀት ሲዛባ ወደ ስልክ መልእክት የሚልክ ትንሽ መሣሪያ ሠርተናል። ስለዚህ ገበያ የታተመ ነገር የለም። ፈቃድ ካላቸው 16,000 የጤና ድርጅቶች ተነስተን ከላይ ወደ ታች ስናሰላ በዓመት 48,000 መሣሪያ አገኘን። ከታች ወደ ላይ፣ በሁለቱ ሻጮቻችን በኩል ስናሰላ ደግሞ 1,300። አማካዩን እንውሰድ? ካልሆነ ለኢንቨስተር የቱን እናሳይ?»

አማካዩን አትውሰዱ። የሁለቱ ተራ አማካይ 24,650 ነው። በዚህ ቁጥር የሚያምን ሰው ከመካከላችሁ አንድም አይኖርም። ተራ አማካይ ሁልጊዜ ወደ ትልቁ ቁጥር ያደላል። ሁለቱን አባዝታችሁ ካሬ ሥሩን ብትወስዱ 7,900 ገደማ ይመጣል። በብዙ እጥፍ ለተራራቁ ግምቶች ይሄኛው ይሻላል፤ ሁለቱንም በእኩል ያያቸዋልና። ግን እሱም የሚሠራው ሁለቱ ግምቶች አንድን ነገር ሲገምቱ ብቻ ነው። የእናንተ ሁለት ቁጥሮች አንድን ነገር አይቆጥሩም።

ከጥያቄው ጋር ያያያዛችሁትን ሠንጠረዥ አየሁት። ከላይ የመጣው 16,000 ድርጅት በ3 ፍሪጅ ተባዝቶ ነው። ይሄ ባለበት የቆመ ፍሪጅ ቆጠራ ነው፤ ዓመት የሚባል ነገር የለበትም። ከታች የመጣው ደግሞ ሁለት ሻጭ፣ በቀን አምስት አምስት ጉብኝት፣ በዓመት 260 የሥራ ቀን ነው። ያ 2,600 ጉብኝት ይሆናል። ከአራት ጉብኝት አንዱ ይገዛል፣ የገዛው ሁለት ሁለት ይወስዳል ብላችሁ 1,300 ላይ ደረሳችሁ። ይሄም ገበያ አይደለም። የሁለት ሰው እግር ምን ያህል እንደሚችል ነው ያሰላችሁት። ሦስተኛ ሻጭ ብትቀጥሩ «ገበያው» በአንድ ሌሊት 1,950 ይገባል። ሻጭ ስትቀጥሩ የሚያድግ ቁጥር የገበያ መጠን ሳይሆን የራሳችሁ አቅም ነው። በነገራችን ላይ ይሄን ስህተት የማይሠራ ጀማሪ ብዙም አላጋጠመኝም። «ከታች ወደ ላይ» ሲባል ሁሉም ከራሱ ይጀምራል። መጀመር ያለበት ግን ከገዢው ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ሁለቱን ስሌቶች ወደ አንድ መለኪያ አምጧቸው። የእኔ ሐሳብ ይሄ ነው፦ በአንድ ዓመት ውስጥ፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መቀመጥ ያለበት መድኃኒት ለሚይዝ ድርጅት የሚሸጥ አንድ መሣሪያ። በገንዘብ መተርጎሙን ለመጨረሻ አቆዩት። ዋጋ ገና እየተወላወለ ነው፤ ከመጀመሪያው ከቁጥሩ ጋር ከቀላቀላችሁት የትኛው ስህተት ከየት እንደመጣ አትለዩም። አንድ ጊዜ የሚከፈለውን የመሣሪያ ዋጋና በየወሩ የሚከፈለውን የአገልግሎት ክፍያም አንድ ዓምድ ላይ አትደምሩ።

አሁን ከላይኛው እንጀምር። ከዚህ በታች የምጠቀምባቸው ቁጥሮች፣ ከእናንተ 16,000 በስተቀር፣ ማሳያ ናቸው። እናንተ በምትለቅሙት ትተኩታላችሁ።

የፈቃድ ዝርዝር ሁለት በሽታ አለበት። አንደኛው፣ የተዘጉ ቤቶች እዚያው ይቀራሉ። ፈቃድ ለማውጣት ሁሉም ይሮጣል፤ ሲዘጋ ግን ሄዶ «ዘግቻለሁ» የሚል ጥቂት ነው። ሁለተኛው፣ የሚሠሩ ሆነው ዝርዝሩ ላይ የሌሉ አሉ። አንዱ ቁጥሩን ያሳብጣል፣ ሌላው ያኮስሳል። ሁለቱ ስንት በስንት እንደሚጣፉ ደግሞ በግምት አይታወቅም። ዝርዝሩን ለወር ያህል ቁጭ ብሎ ማጽዳትም መፍትሔ አይደለም፤ የሌሉትን በማጽዳት አታገኟቸውም።

እኔ የምጠቀመው ዓሣና የዱር እንስሳ ከሚቆጥሩ ሰዎች የተወሰደ ዘዴ ነው። ዴንማርካዊው የዓሣ ተመራማሪ ፒተርሰን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ዓሣዎች ላይ ምልክት አድርጎ መልሶ ይለቅ ነበር። ዘዴው ሲጠቃለል እንዲህ ነው፦ ዓሣ ይዛችሁ፣ ምልክት አድርጋችሁ ትለቃላችሁ። ቆይታችሁ እንደገና ታጠምዳላችሁ። በሁለተኛው መረብ ውስጥ ምልክት ያለው ምን ያህል ድርሻ እንደሆነ ስታዩ፣ ኩሬው ውስጥ ስንት ዓሣ እንዳለ ትገምታላችሁ። ሁለቱን ቁጥሮች አባዝቶ በጋራ ለተገኘው ማካፈል ነው፤ ሌላ ሒሳብ የለውም። የእናንተ ኩሬ የመድኃኒት ቤቶች ዓለም ነው። ሁለቱ መረቦች ደግሞ ከተለያየ ቦታ የመጡ ሁለት ዝርዝሮች ናቸው።

አንደኛው ዝርዝር የፈቃዱ ነው። ሁለተኛውን ከኢንሱሊን አከፋፋይ ጠይቁ። ኢንሱሊን ያልተከፈተው ፍሪጅ ውስጥ ነው የሚቀመጠው፤ ስለዚህ ኢንሱሊን አዘውትሮ የሚያዝዝ ሁሉ ፍሪጅ አለው ማለት ይቻላል። ስም ለመስጠት እምቢ ካሏችሁ አንድ ሰፈር ብቻ ለዩና «የእኛን ዝርዝር አይታችሁ ደንበኛችሁ የሆነውን ምልክት አድርጉበት፣ የቀረውን በቁጥር ብቻ ንገሩን» በሏቸው። ይሄን ብዙዎቹ እሺ ይላሉ። የሚያስፈልጋችሁም ሦስት ቁጥር ብቻ ነው።

አንድ የከተማ ሰፈር ወሰዳችሁ እንበል። ሆስፒታሎችን አስቀድማችሁ አውጡ፤ ለምን እንደሆነ እመለስበታለሁ። የፈቃዱ ዝርዝር ላይ 240 ስም አለ። ሁሉም ጋ ደወላችሁ። 60ዎቹ ወይ ተዘግተዋል ወይ ፍሪጅ የላቸውም። 180 ቀሩ። አከፋፋዩ እዚያው ሰፈር 150 ደንበኛ አለው። በሁለቱም ላይ ያሉት 120 ናቸው። 180 በ150 አባዝታችሁ ለ120 ስታካፍሉ 225 ይመጣል። በ240 ፈቃድ 225 እውነተኛ ገዢ ሊሆን የሚችል ቤት አለ ማለት ነው፤ 0.94። የተዘጉትና የተዘነጉት እርስ በርስ ተጣፍተው ተቀራርበዋል።

ከከተማ በወጣ አንድ ቦታ ያንኑ ስትደግሙ ግን ታሪኩ ይለወጣል። 50 ፈቃድ ኖሮ ስሌቱ 24 ቤት ብቻ ቢያወጣ አይግረማችሁ፤ 0.48። አንድ ቦታ ብቻ አይታችሁ 0.94ን ለአገር ሁሉ ብታባዙት ኖሮ ስህተቱ በብዙ ሺህ ይቆጠር ነበር። ለዚህ ነው ቢያንስ ሁለት የማይመሳሰሉ ቦታዎች ያስፈልጋሉ የምለው።

ዘዴው የሚያጭበረብርባቸው ሁለት መንገዶች አሉ፤ ሁለቱንም በልምድ ነው የተማርኳቸው። የመጀመሪያው፣ ሁለቱ ዝርዝሮች አንዱ ከሌላው ሲቀዱ ነው። አከፋፋዩ ደንበኛ የሚያደርገው ፈቃድ ያሳየውን ብቻ ከሆነ፣ ወይም ሁለቱም ትልልቆቹን ቤቶች ብቻ የሚያውቁ ከሆነ፣ የጋራው ቁጥር ያብጣል። የጋራው ሲያብጥ ድምሩ ያንሳል። ያኔ የምታገኙት ቁጥር ወለል እንጂ ግምት አይደለም።

ሁለተኛው ተቃራኒው ነው፦ አንድ ቤት ሁለት ሆኖ ሲቆጠር። አንድ ጊዜ ስሌቱ ካሰብኩት እጥፍ የሚጠጋ ቁጥር አወጣብኝ። ለሁለት ቀን ደስ ብሎኝ ሰነበትኩ። በኋላ ዝርዝሮቹን ጎን ለጎን ሳያቸው አንዱ ጸሐፊ ስሞቹን በሃሌታው ሀ፣ ሌላው በሐመሩ ሐ ጽፏቸው ኖሯል። ኮምፒውተሩ ተመሳሳዮቹን ቤቶች ለየብቻ ቆጥሯቸዋል። የጋራው አንሶ ድምሩ አብጧል። ከዚያ ወዲህ ስም በስም አላመሳስልም፤ በስልክ ቁጥር ነው የማመሳስለው። የቀረውን በዓይን አያለሁ።

ወደ ስሌቱ እንመለስ። ከ16,000ው 400 ሆስፒታል አወጣን። ከቀረው 15,600፣ 6,000ው ትልልቅ ከተሞች ውስጥ፣ 9,600ው ከዚያ ውጭ ነው እንበል። ከተማው በ0.94 ወደ 5,600 ይሆናል። ውጭው በ0.48 ወደ 4,600። ድምሩ 10,200 ቤት።

ቀጥሎ 3 ፍሪጅ ያላችሁት። ከየት እንደመጣ ይገባኛል፦ አሥር ቦታ ጠይቃችሁ ደመራችሁና ለአሥር አካፈላችሁ። ከአሥሩ ሁለቱ ሆስፒታል ነበሩ። አንድ ሆስፒታል ብቻውን አሥርና ከዚያ በላይ ፍሪጅ ይዞ አማካዩን ወደ ላይ ይጎትተዋል፤ አብዛኛው መድኃኒት ቤት ግን ያለው አንድ ነው። ሆስፒታሎችን ያወጣኋቸው ለዚህም፣ አገዛዛቸው ስለሚለይም ነው። እነሱ በጨረታ ይገዛሉ፣ ውሳኔያቸው ወራት ይፈጃል፣ አንዳንዶቹም የራሳቸው መከታተያ አላቸው። ለብቻቸው በሌላ ገጽ አስሏቸው። ሆስፒታል የሌለበት አማካይ 1.2 ሆነ እንበል። 10,200 በ1.2፣ 12,200 ፍሪጅ።

አሁን ዓመቱን እናምጣ። 12,200 ቆሞ ያለ ፍሪጅ ነው እንጂ በየዓመቱ የሚሸጥ መሣሪያ አይደለም። መሣሪያችሁ አምስት ዓመት ይሠራል ካላችሁ፣ ሁሉም ፍሪጅ መሣሪያ ቢኖረው እንኳ በዓመት የሚተካው አንድ አምስተኛው ነው፤ 2,450 ገደማ። አዲስ ምርት ሲሆን ደግሞ መጀመሪያ የሚተካ የለም፤ ባዶው ነው የሚሞላው። ባዶው በአምስት ዓመት ይሞላል ብላችሁ ካሰባችሁ ቁጥሩ ያው 2,450 ነው፤ ልክ ሞልቶ ሲያልቅ የመጀመሪያዎቹ መበላሸት ይጀምራሉ። በሁለት ዓመት ከሞላ ግን ተጠንቀቁ። ሁለት የፌሽታ ዓመት፣ ከዚያ ሦስት የድርቅ ዓመት ይመጣል። በፌሽታው ዓመት የተቀጠረ ሠራተኛና የታዘዘ ዕቃ ነው ድርጅቶችን የሚገድላቸው። ሠንጠረዣችሁ ላይ «በስንት ዓመት ይሞላል» የሚል አንድ ሣጥን ጨምሩና ሁለትም አምስትም አስገብታችሁ እዩት።

ከ2,450ው ሁሉም አይፈልገውም። እዚህ ላይ ሰው ብዙ ጊዜ «10 በመቶ እንኳ ብንይዝ» ይላል። የዚህ 10 በመቶ እናት አባቱ አይታወቅም። በሱ ፈንታ ወጣ ብላችሁ ጠይቁ፤ ግን «ትገዛላችሁ?» ብላችሁ አይደለም። ለዚህ ጥያቄ ሰው በይሉኝታ አዎ ይላል። ያለፈውን ጠይቁ። «ለመጨረሻ ጊዜ መብራት ሲጠፋ ምን አደረጋችሁ? ማን አወቀ? ስንት ሰዓት ቆየ? የጣላችሁት መድኃኒት ነበር? ኪሳራውን ማን ሸፈነው?»

ይሄን ጥያቄ የጠየቅኳቸው አንዲት ፋርማሲስት መሳቢያ ከፍተው ደብተር አወጡልኝ። በቀን ሁለቴ የፍሪጁ ሙቀት የሚመዘገብበት ነው። ገጹን ሳገላብጥ የሦስት ሳምንቱ ጠዋትና ማታ ሁሉ 4 ዲግሪ ይላል፤ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ፣ በአንድ ቁጭታ የተጻፈ። ሳያፍሩ ሳቁ። «ለቁጥጥር ነው» አሉኝ። ከዚያ ቀጥለው ባለፈው ዓመት ቅዳሜና እሁድን ፍሪጁ ጠፍቶ ከርሞ ሰኞ ጠዋት የጣሉትን ነገሩኝ። ይቺ ሴት ችግሩ አለባቸው። ጎረቤታቸው ያለው ቤት ግን እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞት አያውቅም፤ መሣሪያውን በነጻ ብትሰጡት ራሱ የሚሰካው አይመስለኝም።

በዚህ መንገድ ከዝርዝሩ በዕጣ የወጡ 40 የከተማ ቤቶች ሄዳችሁ 12ቱ ላይ እውነተኛ ጉዳት አገኛችሁ እንበል። 30 በመቶ። በዕጣ ያልኩት በምክንያት ነው፦ ሻጮቻችሁ ራሳቸው ከመረጡ የሚያውቋቸው ጋ ነው የሚሄዱት፤ ከአራት አንዱ ይገዛል ያላችሁትም ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። ከ40 ሰው የመጣ 30 በመቶ ደግሞ ሰፊ ነው፤ እውነቱ ከ18 እስከ 45 በመቶ ያለ ማንኛውም ቦታ ሊሆን ይችላል። ለጊዜው 30ውን ያዙ። 2,450 በ0.3፣ 735 መሣሪያ በዓመት። ከ48,000 እዚህ ደረስን። ሦስት ነገር ነው የበላው፦ ፍሪጁ፣ ዓመቱ፣ ፍላጎቱ።

አሁን ከታች። እዚህ የሻጮቻችሁን እግር ርሱትና እነዚያኑ 40 ቤቶች መሠረት አድርጉ። ካወራችኋቸው በኋላ መሣሪያውን በትክክለኛው ዋጋ አቅርቡና ቀብድ ጠይቁ። ትንሽም ብትሆን ቀብድ። «እደውልላችኋለሁ» ያለ አይቆጠርም። ከ40ው 5ቱ ቀብድ ከፍለው በድምሩ 7 መሣሪያ አዘዙ እንበል። 7 ለ40፣ በአንድ ቤት 0.175 መሣሪያ። በከተማ 5,600 ቤት ስታባዙት 980 መሣሪያ ይሆናል። ይሄም በአምስት ዓመት የሚሞላ ነው፤ በዓመት 196።

ከከተማ ውጭ ደግሞ 20 ቤት ሄዳችሁ አንድም ቀብድ ባታገኙ ዜሮ ብላችሁ አትዝጉት። ከ20 ዜሮ ማለት ገዢ የለም ማለት አይደለም። ለእንዲህ ያለው ጊዜ ቀላል ደንብ አለ፦ 3ን ለጠየቃችሁት ሰው ብዛት አካፍሉ። 3 ለ20፣ 15 በመቶ። ስለዚህ «ከ15 በመቶ በላይ አይመስልም» ማለት ትችላላችሁ፤ ከዚያ ያለፈ ማለት አትችሉም። ለጊዜው ከታችኛው ስሌት አውጡትና ለብቻው ጻፉት።

እንግዲህ 735 እና 196 አለን። ልዩነቱ ከ37 እጥፍ ወደ 3.75 እጥፍ ወረደ። ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ ይረካና ያቆማል። እኔ በበኩሌ ሥራው የሚጀምረው እዚህ ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም አሁን ሁለቱም አንድ ነገር እየቆጠሩ ስለሆነ የቀረው ልዩነት ስም ሊወጣለት ይችላል።

እንፍታው። ላይኛው አገሩን ሁሉ ይዟል፣ ታችኛው ከተማን ብቻ። ከተማ ከ10,200ው 55 በመቶ ነው። 735 በ0.55፣ 404። አንዱ ቁራጭ ይሄ ነው፦ ርቀት። ከ404 ወደ 196 ለመውረድ የቀረው ሁለት እጥፍ ገደማ ነው። ላይኛው የተጎዳውን ሁሉ ቆጥሯል፤ 12 ሰው። ታችኛው የከፈለውን ብቻ፤ 5 ሰው። 12 ለ5፣ 2.4 እጥፍ። የገዙት ግን በአማካይ 1.4 መሣሪያ ነው የወሰዱት፣ እኛ ከላይ 1.2 ብለን ነበር። ይሄ ልዩነቱን ትንሽ ይቀንሰዋል። 2.4 ለ1.167 ስታካፍሉ 2.06 ይመጣል። 404 ለ2.06፣ 196። ገጠመ፤ ያልተብራራ ትራፊ የለም።

በእውነተኛ መረጃ እንዲህ ጥርት ብሎ አይገጥምም። እዚህ የገጠመው ሁለቱም ስሌቶች በአንድ የቤቶች ቁጥርና በእነዚያው 40 ቤቶች ላይ ስለቆሙ ነው። ያ ማለት ደግሞ የቤቶቹ ቁጥር ከተሳሳተ ሁለቱም አብረው ይሳሳታሉ፤ መግባባታቸው ማስረጃ አይሆንም። ስለዚህ ለላይኛው ከሌላ ምንጭ የመጣ አንድ መፈተሻ ፈልጉ። ለእናንተ የሚሆነው የጉምሩክ መረጃ ነው። ዕቃዎች በዓለም ዙሪያ በኤችኤስ ኮድ ይመደባሉ። ሥርዓቱ እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ስድስት አሃዞች ከአገር አገር አይለያዩም። ቴርሞሜትር 9025 ሥር ነው። ችግሩ እዚያ ሥር የትኩሳት መለኪያውም፣ ባሮሜትሩም፣ የፋብሪካው መለኪያም አብረው ተጠቅልለዋል። እንደናንተ ያለ መልእክት ላኪ መሣሪያ ደግሞ በሌላ ኮድ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ዋጋውም የድንበር ዋጋ ነው፤ የአስመጪና የአከፋፋይ ትርፍ የለበትም። ስለዚህ በሱ ገበያውን አታሰሉም። የምትጠይቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ የእኔ ግምት ከዚህ ሁሉ ክምር ይበልጣል? የእናንተ አንዲት ምርት አገሪቱ በዓመት ከምታስገባው የቴርሞሜትር ዓይነት ሁሉ የምትበልጥ ሆና ከተገኘች፣ ወደ ላይ ተመልሳችሁ የተባዛውን ፈልጉ። 48,000ው ይሄን ፈተና ማለፉን እጠራጠራለሁ።

ቀጥሎ ጊዜያችሁን የት ታውሉ? የእያንዳንዱን ቁጥር ዝቅተኛና ከፍተኛ እያስገባችሁ መጨረሻው ምን ያህል እንደሚናወጥ እዩ። የከተማው 0.94 ወደ 0.85 ቢወርድ 196ው 177 ገደማ ይሆናል፤ ብዙም አልተነቃነቀም። ቀብድ የከፈሉት ግን ከ40 አምስት ብቻ ናቸው። ከዚህ የሚወጣው 12.5 በመቶ እውነቱ ከ5 እስከ 26 በመቶ ሊሆን ይችላል። ያ 196ውን ከ80 ገደማ እስከ 400 ገደማ ያወዛውዘዋል። ስለዚህ የሚቀጥለውን ሳምንት ዝርዝር በማጽዳት አታባክኑት፤ ቀብድ ጠይቁ። ይሄን ክልል በግማሽ ለማጥበብ አራት እጥፍ ሰው ያስፈልጋል፤ 160 ቤት ገደማ። ለሁለቱ ሻጮቻችሁ በቀን አምስት አምስት፣ 16 የሥራ ቀን ነው። ያ የእግር ስሌታችሁ እዚህ ላይ ጠቀመ።

ኢንቨስተሩን በተመለከተ፣ ሁለቱንም አሳዩት። አንዱን ብቻ ካሳያችሁ ሌላውን ራሱ ያሰላዋል፤ ልምድ ያለው ከሆነ ከእናንተ ፊት ቁጭ ብሎ ያሰላዋል። በአንድ ገጽ ላይ 196 ብላችሁ ጀምሩ፦ ዛሬ፣ በዚህ ዋጋ፣ ከተማ ውስጥ፣ ቀብድ ባስከፈልንበት ማስረጃ። ከዚያ ወደ 404 የሚወስደው ምን እንደሆነ ጻፉ፦ ጉዳት ደርሶባቸው ያልከፈሉት ሰባት ሰዎች ለምን አልከፈሉም? ዋጋው ነው? ውሳኔው የባለቤቱ ሆኖ እናንተ ያናገራችሁት ተቀጣሪውን ነው? መልሱን ከራሳቸው አፍ ጽፋችሁ አምጡ፤ ሰባት ስልክ ብቻ ነው። ከዚያ ከ404 ወደ 735 የሚወስደውን፦ ከከተማ ውጭ ማን ያደርሰዋል፣ ማንስ ይጠግነዋል? የሆስፒታሎቹን ገጽ በስተጀርባ አያይዙት።

196 መሣሪያ በዓመት ድርጅቱን ያቆማል ወይ የሚለው ሌላ ስሌት ነው፤ ወጪያችሁን አላየሁም። ከ196 ላይ ደግሞ ተፎካካሪ የሚወስደው ይቀነሳል። «ተፎካካሪ የለንም» እንዳትሉኝ ግን። ያ የ4 ዲግሪ ደብተር አለ፤ ዋጋው የአንድ እስክሪብቶ ነው።